ፀጥታው ምን ይሰማል?

አምና በበጋ እናቴንና ልጆቹን ይዘን አንድ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሎጅ ሄደን ነበር። በራሪ ወረቀቱ «ልብን የሚያሳርፍ ፀጥታ» ይላል። ማታ መብራት ሲጠፋ ከክፍላችን ጀርባ ጄኔሬተር ተነሳ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አነጋች። ጠዋት «ፀጥታውን ለማን ሰጡት?» አለችኝ። ዋሽተዋል ለማለት ይቸግራል፤ ቀን ላይ ስፍራው በእርግጥም ዝም ያለ ነበር። ወረቀቱ ግን ፀጥታው መቼና የት እንደሆነ አልነገረንም።

ይህን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነች። ሆቴልና ቱሪዝም ትማራለች። መምህሯ «ሐይቅ ዳር ሎጅ ቢኖራችሁ ለበራሪ ወረቀት የሚሆን አንድ አንቀጽ ጻፉ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጣቸው። እሷም ከእኛ ሰፈር ከአወቱ መንደራ ብዙም የማይርቀውን ቦዬን መረጠችና የጻፈችውን አመጣችልኝ። እንዲህ ይላል፦

«በተፈጥሮ ውበት በተከበበውና ዓይንን በሚማርከው ሎጃችን፣ ከከተማ ጫጫታ ርቀው፣ በሐይቁ ዳርቻ የማይረሳ ጊዜ ያሳልፉ።»

«እስቲ ቦዬን አውጪና ቢሾፍቱ በይበት» አልኳት። ሞከረችው፤ ምንም አልጎደለም። ሐዋሳ አለችበት፤ አሁንም ልክ ነው። ላንጋኖም እንደዚያው። ግን እነዚህ ውሃዎች በምን ይገናኛሉ? የቢሾፍቱ ሐይቆች ገደል ሥር ናቸው፤ ሰው ከላይ ቁልቁል ነው የሚያያቸው። የላንጋኖ ውሃ ቡና በወተት የመሰለ ቡናማ ነው። ቦዬ ደግሞ ረግረግ ነው፤ ዳሩ ቄጠማ፣ ውስጡ ጉማሬ። ለሁሉም የሚሆን አንቀጽ የአንዱንም አይናገርም።

«ታዲያ ፀጥታን በምን ልግለጸው አክስቴ? ፀጥታ እኮ አይታይም» አለች።

እኔም «የሚሰማውን ቁጠሪ» አልኳት። ሰው አንድ ቦታ ዝም ማለቱን የሚያውቀው ምንም ስላልሰማ አይደለም፤ ትንሽ ድምፅ ከሩቅ ስለሰማ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የሰዓቱ ቷ ቷ ሲሰማችሁ ነው ሌሊቱ ጭር ማለቱ የሚታወቃችሁ።

ቅዳሜ ደብተር ይዘን በባጃጅ ወረድን። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አስከትለን፣ ከውሃው ራቅ ብለን ከፍታ ላይ ተቀመጥን። በሦስት ሰዓት፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ የሰማችውን ሁሉ እንድትጽፍ ተስማማን፤ የማትወደውንም ጭምር።

ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የጻፈችው፦ የውሃ ወፎች፣ የሚነጣጠብ ጤዛ፣ ከከተማው በኩል የሩቅ ድምፅ ማጉያ፣ ቄጠማ የሚያጭድ ሰው ማጭድ። ቀን 7 ሰዓት ላይ ግን ደብተሩ ተለወጠ፦ የአዲስ አበባው መንገድ ላይ ማርሽ የሚቀይር የጭነት መኪና፣ ሞተር ብስክሌት፣ የሠርግ ጥሩምባ፣ እንደገና መኪና። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ መኪናው ቢኖርም ጉማሬዎቹ ጀመሩ። መጀመሪያ ውሃውን በአፍንጫ ሲተነፍሱት «ፉፍ» ይላል። ከዚያ አንዱ ወፍራም ሳቅ የመሰለ ድምፅ ያወጣል፤ ሌላው ይመልስለታል። ልጅቷ እርሳሷን ጥላ አዳመጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነስተን ሄድን።

ቤት ስንገባ «ቀኑንስ ምን ልበለው?» አለች። መልሱ ቀላል ነበር። ፀጥታው የጠዋት ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ብለሽ ጻፊው። «ሁልጊዜ» ያልሽ እንደሆነ እንግዳው 7 ሰዓት ላይ ደርሶ ይታዘብሻል። ሰዓት ሲጻፍ ግን አንባቢው ያምናል፤ ሲመጣም የተባለውን ያገኛል።

ቀጥሎ ወደ መልክአ ምድሩ ሄድን። መጀመሪያ የጻፈችው ኮረብታውን፣ ወፉን፣ ውሃውንና ሰማዩን አንድ ላይ ነበር፤ አንባቢው የት ቆሞ እንደሚያይ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ምን አለ? ቄጠማው። ከእሱ ጀርባስ? ውሃው። ከውሃው ማዶስ? ባሕር ዛፍ። ከቅርብ ወደ ሩቅ ሲሄድ ዓይን አይደናበርም። ቄጠማው ደግሞ ለእኛ አገር አንባቢ ትልቅ ነገር ነው። ለበዓል ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ያ ነውና፣ ስሙ ሲነሳ ሽታው ይመጣል። «ለምለም» እና «አረንጓዴ» የሚሉት ቃላት ይህን አይሠሩም።

የከበደን ጉማሬው ነበር። እሷ «ጉማሬዎቹ የሎጃችን ጌጥ ናቸው» ብላ ነበር። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ሊበላ ይችላል። መንገዱ ላይ ወይም ከውሃው ጋር መሐል የገባበትን ሰው ያጠቃል። እንግዲህ አንድ አያት የልጅ ልጆቿን ይዛ «ጌጥ» የሚለውን አንብባ ብትመጣ፣ ማታ በእጅ ባትሪ ዳር ዳሩን ብትወጣስ? አንዷ ዐረፍተ ነገር ይህን መናገር አለባት። ማስፈራሪያም አይሆንም፤ ጉማሬ የሚወጣበት ስፍራ ለልጆች ከማንኛውም ውዳሴ ይበልጣል።

አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይህን መሰለ፦

«ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚሰሙት የውሃ ወፎችን ነው፤ ቀጥሎ ቄጠማ የሚያጭዱ ሰዎችን ማጭድ። ከፊትዎ ያለው ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ነው፤ ከኋላው ውሃው፣ ከማዶ ባሕር ዛፉ። ቀን ላይ የአዲስ አበባው መንገድ መኪና ከሩቅ ይሰማል። ከ11 ሰዓት በኋላ ጉማሬዎቹ ይቀባበላሉ፤ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው ያዳምጧቸው። ማታ ለግጦሽ ስለሚወጡ ከጨለመ በኋላ ወደ ውሃው ዳር አንወርድም፤ ልጆችም ያለ አዋቂ ከግቢ አይወጡም።»

«አጥር» የሚለውን እሷ ነች የጨመረችው። ሎጁ የሐሳብ ቢሆንም፣ ያለ አጥር ይህን አንቀጽ መጻፍ እንደማይቻል ራሷ ደረሰችበት። በትክክል ሲጻፍ የሚያመጣው ጥቅም አንዱ ይህ ነው፤ የጎደለው ሥራ ይታያል። «ማራኪ» ብለን ብናልፍ ኖሮ አጥሩን ማንም አያስታውሰውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ጽሑፍ አይፈታውም። ደብተሩ የአንድ ቅዳሜ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ይሰፋል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ እንቁራሪቱ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። እውነተኛ ሎጅ ቢሆን በሐምሌ አንድ ጊዜ፣ በጥር አንድ ጊዜ ደግሞ መቀመጥና በራሪ ወረቀቱ ላይ ወሩን መጻፍ ይኖርበታል።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ለእረፍት ልጆችና አረጋውያን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀቱን በዚህ ዓይን እዩት። የቦታውን ስም አውጥታችሁ ሌላ ብታስገቡበት ልክ ከሆነ፣ ገና ምንም አልነገሯችሁም። ስልክ ደውሉና ጠይቁ፦ ጄኔሬተሩ ከክፍሉ ስንት እርምጃ ይርቃል? ሙዚቃ ስንት ሰዓት ይቆማል? ቅዳሜ ሠርግ ታስተናግዳላችሁ? ከክፍሉ እስከ ውሃው ድረስ አጥር አለ? አልጋው አጎበር አለው? ስፍራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልስላችኋል። «ሁሉም አሪፍ ነው» ካላችሁ ግን ጥያቄውን ድገሙት።

እናቴ አንቀጹን በዓይን መነጽሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይኼስ» አለች፣ «መኪናውንም ነግረውኛል። ከቀን በኋላ ተኝቼ ጠዋት እነሳለሁ።»