የባንክ ካርድ ሲጠፋ ኪሳራው የማን ነው? ኃላፊነትን የሚለየው የማሳወቂያው ሰዓት

አዲስ አበባ፦ ከክልል ከተሞች ዕቃ ሊገዛ ወይም ምርቱን ሊሸጥ ወደ መርካቶ የሚመጣ ሰው ዛሬ እንደ ቀድሞው ጥሬ ገንዘብ በወገቡ ታጥቆ አይጓዝም። ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ የሚከፈትበት ቁልፍ፣ ማለትም የኤቲኤም ካርዱ፣ በኪሱ ነው። በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ግፊያና ጥድፊያ ካርድ ሊወድቅ፣ ከቦርሳ ጋር ሊሰረቅ ወይም በኤቲኤም ማሽን ፊት ሳይታወቅ ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ባለገንዘቡ «ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ካርዱ በጠፋበት ሳይሆን መጥፋቱ ለባንኩ በተነገረበት ሰዓት ነው።

ካርድ ብቻውን ከኤቲኤም ገንዘብ አያወጣም፤ የሚስጥር ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ያህል በስህተት ከገባ ካርዱ ይታገዳል ወይም ማሽኑ ያስቀረዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ የወደቀ ካርድ ላገኘው ሰው እምብዛም አይጠቅመውም። ይበልጥ የሚያሰጋው ቁጥሩ አስቀድሞ የታየበት ካርድ ነው። የተለመደው ማታለያ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው «ልርዳዎት» ብሎ ይቀርባል፤ ቁጥሩ ሲነካ ያያል፤ ካርዱን ተቀብሎ ሲመልስ ደግሞ የዚያኑ ባንክ ሌላ ካርድ ይሰጣል። የአንድ ባንክ ካርዶች በመልክ ስለሚመሳሰሉ ባለቤቱ የራሱን የያዘ መስሎት ይሄዳል። ለውጡን ማወቂያው በካርዱ ላይ የታተሙት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ናቸው። እነዚህን በቃሉ የያዘ ሰው ከማሽኑ ሳይርቅ ይነቃል፤ ያልያዘ ግን የሚያውቀው የወጪ መልእክት በስልኩ ሲደርሰው ነው። ኔትወርክ በደከመበት ሥፍራ መልእክቱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ መልእክት አለመምጣቱ ገንዘቡ አለመነካቱን አያረጋግጥም።

ካርዱ እንደጠፋ ሲታወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ቅርንጫፍ መሄድ ሳይሆን መደወል ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በ951 ይደውላሉ፤ ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸው አጭር ቁጥር አላቸው። ስልኩም አብሮ ከተሰረቀ ከማንም ሰው ስልክ መደወል ይቻላል። ለማንነት ማረጋገጫ ሙሉ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የተመዘገበ የስልክ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። የሚስጥር ቁጥር ግን ባንክ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ካለ አጭበርባሪ ነው።

እገዳው ካርዱን ያወጣው ባንክ ዘንድ ከተመዘገበ በሌላ ባንክ ማሽንም ይሠራል። አንድ ካርድ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ሲገባ ጥያቄው ባንኮቹን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደ ካርዱ ባለቤት ባንክ ይሄዳል፤ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ያ ባንክ ነው። ይሁን እንጂ ካርድ ማሳገድ የሞባይል ባንክ አገልግሎትን አይዘጋም። የንግድ ባንክ ደንበኛ በ*889# የሚጠቀም ከሆነና ስልኩም ከተሰረቀ፣ ይህም እንዲዘጋለት ለብቻ መጠየቅ አለበት። ሲም ካርዱን ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ያግድለታል።

የኃላፊነቱን ጉዳይ በምሳሌ ማየት ይቀላል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ነጋዴ ከረፋዱ 4፡00 ላይ ካርዱ ተለወጠበት እንበል። 4፡10 ላይ 5 ሺህ ብር ወጣ። መልእክቱን 4፡25 ላይ አይቶ ወዲያው ደወለ፤ መስመሩ ስለተያዘ ግን ያገኛቸው 4፡40 ላይ ነው። በመካከሉ፣ 4፡35 ላይ፣ ሌላ 5 ሺህ ብር ወጥቷል። ካሳወቀ በኋላ ደግሞ 4፡55 ላይ ሦስተኛ 5 ሺህ ብር ወጣ። ኪሳራው በጠቅላላው 15 ሺህ ብር ቢሆንም ሦስቱ ወጪዎች በአንድ ዓይን አይታዩም።

የመጀመሪያው ወጪ በትክክለኛ የሚስጥር ቁጥር የተፈጸመና ባንኩ ምንም ከማወቁ በፊት የሆነ ነው። ደንበኛው ሲፈርም የተቀበለው የካርድ ውል እንዲህ ያለውን ወጪ በተለምዶ በደንበኛው ላይ ይጥላል። ሦስተኛው ወጪ ባንኩ ካወቀ በኋላ የተፈጸመ ስለሆነ ደንበኛው «አሳውቄያለሁ፤ አለማገዱ የእናንተ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። አከራካሪው ሁለተኛው ነው። ነጋዴው ለመደወል ሞክሯል፤ ባንኩ ግን ገና አልሰማም። እዚህ ላይ የሚረዳው በስልኩ የተመዘገበው የጥሪ ሰዓት ስለሆነ ዝርዝሩ መጥፋት የለበትም። ሦስተኛውን ለማስመለስም ቢሆን ቃል ብቻ አይበቃም። ነጋዴው በ4፡40 ላይ ያነጋገረውን ሠራተኛ ስም፣ የጥቆማውን መለያ ቁጥርና ሰዓቱን መጻፍ፣ በዚያው ቀንም በቅርንጫፍ የጽሑፍ ማመልከቻ አስገብቶ ቀን የሰፈረበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ መያዝ ይኖርበታል። አንዳንድ ውሎች የስልክ ጥሪ በጽሑፍ እንዲጸና ያዝዛሉና።

ይህ የሰዓት ድንበር በሌሎች አገሮችም ይሠራል። በአሜሪካ ሕግ ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ያሳወቀ ሰው የሚሸከመው ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ከዘገየ እስከ 500 ዶላርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የሚስጥር ቁጥሩን አሳልፎ የሰጠ ደንበኛ እስኪያሳውቅ ድረስ ያለውን ኪሳራ ይሸከማል፤ ካሳወቀ በኋላ ያለው የባንኩ ነው።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። በቅሬታው ሂደት ደንበኛው በመጀመሪያ ለራሱ ባንክ በጽሑፍ ያመለክታል፤ መልሱ ካላረካው ጉዳዩን ወደ ብሔራዊ ባንክ ሊወስድ ይችላል። ገንዘቡን ያወጣውን ሰው ለመለየት ደግሞ የኤቲኤሙ የካሜራ ምስል ያስፈልጋል። ምስሉ ለዘለዓለም ስለማይቀመጥ፣ ስርቆቱ በተፈጸመበት አካባቢ ላለው ፖሊስ በዚያው ቀን ማመልከት ይገባል። የማሽኑን ባለቤት ባንክ፣ ቦታውንና ሰዓቱን መጥቀስ ፍለጋውን ያሳጥራል።

ምትክ ካርድ የሚፈጀው ጊዜ ካርዱ በሚዘጋጅበት ቦታ ይለያያል። ቅርንጫፉ ቀድሞ የተዘጋጁ ካርዶች ካሉት ወዲያው ሊሰጥ ይችላል፤ ስም ታትሞበት ከዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣ ከሆነ ግን ቀናት ወይም ሳምንታት ይወስዳል። ከክልል የመጣ ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ካርዱን በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚረከብ ይጠይቅ፤ አለዚያ ለአንድ ካርድ ዳግም አዲስ አበባ ድረስ ይመላለሳል። እስከዚያው ገንዘቡ አይታሰርም፤ የታገደው ካርዱ እንጂ ሂሳቡ አይደለምና፣ መታወቂያና የቁጠባ ደብተር ይዞ በቅርንጫፍ መስኮት ማውጣት ይቻላል። ችግሩ የሚከብደው መታወቂያውም በዚያው ቦርሳ ውስጥ ከነበረ ነው። ስለዚህ ለመንገድ የሚነሳ ሰው መታወቂያውን ከካርዱ ለይቶ ቢይዝ፣ የሂሳብ ቁጥሩንና የባንኩን አጭር ስልክ ቁጥርም በወረቀት ጽፎ በሌላ ኪስ ቢያኖር፣ ካርዱ በጠፋበት ቅጽበትና በማሳወቂያው መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል። ሌባው የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።