ስትወጡ ሳይሆን ስትመለሱ ልጃችሁን እዩት

«ልጄ ጨዋ ነው፤ ጥዬው ብወጣ እንኳ አያለቅስም» የሚሉ እናቶች አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «አሞላቅቄው ነው መሰል፣ ከበር ስወጣ ቤቱን በለቅሶ ያናውጠዋል» ብለው ይጨነቃሉ። ሁለቱም ልጃቸውን የሚለኩት በለቅሶው ነው። እኔ ግን ለቅሶ ጥሩ መለኪያ ነው ብዬ አላምንም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትከታተል ነበር። ሕፃናቱ ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት በዓይኗ አየች። በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ያንኑ ጥናት ስትቀጥል ግን ነገሩ እንደዚያ ጎልቶ አልታይ አላት። የዚያ አገር ሕፃናት እናታቸው ከክፍል ክፍል ወጣ ገባ ስትል ለምደውታል። ስለዚህ ልጁ የማያውቀው ክፍል አዘጋጀች።

ሙከራው ከ12 እስከ 18 ወር ላሉ ልጆች ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የ13 ወር ልጅ እንውሰድ። እናቱ መጫወቻ ወዳለበት ክፍል ይዛው ገብታ ትቀመጣለች፤ እሱም መጫወት ይጀምራል። ከዚያ የማያውቃት ሴት ትገባለች። መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ቀጥላ ከእናቱ ጋር ታወራለች፣ ከዚያ ወደ ልጁ ትጠጋለች። እናት ቀስ ብላ ትወጣለች። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ስትመለስ እንግዳዋ ትሄዳለች። ትንሽ ቆይታ እናት ለሁለተኛ ጊዜ ትወጣለች፤ አሁን ልጁ ብቻውን ነው። ቀድማ የምትገባው እንግዳዋ ናት፣ በመጨረሻ እናቱ። ልጁ አምርሮ ካለቀሰ ጊዜው ያጥራል።

ተመልካቾቹ አተኩረው የሚያዩት እናት የተመለሰችባቸውን ሁለት ቅጽበቶች ነው። አንዱ ልጅ አልቅሶ ይሆናል፤ እናቱን ሲያይ ግን ይጠጋታል፣ ስታቅፈው ይረጋጋል፣ ወዲያው ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህ እናቱን የተማመነ ልጅ ነው። ሌላው እየሮጠ መጥቶ «እቀፊኝ» ይላል፤ ስታነሣው ደግሞ ይራገጣል፣ አይረጋጋም። ሦስተኛው እናቱ ስትገባ ፊቱን ያዞራል፣ መጫወቻውን ያገላብጣል። እኛ «ጨዋ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ይሁን እንጂ የልብ ምት ሲለካ የዚህም ልጅ ልብ እንደሚያለቅሱት ልጆች ሲመታ ተገኝቷል። ጭንቀቱ አለ፤ ማሳየቱን ነው የተወው። ኤንስዎርዝ ቤት ለቤት ባየችው መሠረት፣ እንዲህ ያሉ ልጆች እቀፉኝ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚገፉ ነበሩ። አራተኛ ዓይነትም በኋላ ተጨምሯል፦ ወደ እናቱ መጥቶ መሐል ላይ ደርቆ የሚቀር፣ መጠጋትም መሸሽም ያቃተው ልጅ።

ደብረ ታቦር ወይም ጉና ሥር ያለ ልጅ እዚያ ክፍል ቢገባስ? የእኛ ልጅ ቀኑን በአንቀልባ ይውላል፣ ሌሊት ከእናቱ ጎን ያድራል፤ እሷ ገበያ ስትሄድ አያቱ ወይም እህቱ ትይዘዋለች። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን መቅረት ምን እንደሆነ አያውቅም። ጃፓን፣ ሳፖሮ ከተማ ይህ ሙከራ ሲደረግ፣ ከእናታቸው እምብዛም ተለይተው የማያውቁ ሕፃናት ለብቻቸው ሲቀሩ ከመጠን በላይ ደነገጡ፤ ጥቂት የማይባሉትም «የማይረጋጉ» ከሚባሉት ተመደቡ። ክፍሉ ለእነሱ ከባድ ስለሆነ እንጂ እናቶቹ ስላጎደሉ አይመስለኝም። ለእኛም ልጆች እንዲሁ መታሰብ አለበት። የጎረቤት ልጅ በር ላይ ስላለቀሰ «ሞልቃቃ» አትበሉት፤ በዚህ ዕድሜ ማልቀሱ የሚጠበቅ ነው።

እባካችሁ ይህን ቤት ውስጥ ለመሞከር ብላችሁ ልጅ ጥላችሁ አትውጡ። የሠለጠነ ሰው እንኳ ቪዲዮውን ደጋግሞ አይቶ ነው የሚመድበው፤ የራበው፣ ያተኮሰው ወይም እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ደግሞ ሌላ ልጅ ነው የሚመስለው። ምድቡም የበሽታ ስም አይደለም። ልጁ በማንኛውም ሰዓት ዓይን የማያይ፣ በስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አንድ የማልስማማበት ምክር አለ፦ «ሳያይሽ ሹልክ በይ» የሚለው። ያኔ ላያለቅስ ይችላል፤ በማግስቱ ግን ቀሚሳችሁን ይዞ አይለቅም፣ መቼ እንደምትጠፉ አያውቅማ። «ገበያ ሄጄ እመጣለሁ» በሉት፣ ለሚያውቀው ሰው ስጡት፣ ቢያለቅስም ሂዱ። ስትመለሱ ዘንቢሉን አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን አንሡት። ፊቱን ቢያዞርባችሁ አትቆጡት፣ «አኩርፏል» ብላችሁም አትሳቁበት፤ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ ጠብቁት።