«ኔትወርክ አልነበረም» ከማለታችን በፊት፦ ዘግይቶ ስለሚላክ መልስ

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ግን በሐይቅም በአምባሰልም ልጁን፣ ወንድሙን ወይም አብሮ አደጉን ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው፤ የሁላችንም ስልክ ውስጥ ሰምተነው ያልመለስነው መልእክት አለ። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ይሞላል። ከዚያ በኋላ መመለሱ ራሱ ያስፈራል፤ «አሁን ምን ብዬ ልጀምር?» ይባላል። በዚህ ፍርሃት ውስጥ የሚጻፈው መልስ ብዙ ጊዜ ክርክር ይሆናል፤ ማንም ሳይከሰን ለመከላከል እንቆማለን።

በመጀመሪያ ሰላምታውን ከጉዳዩ እንለይ። አላህ በሱረቱ ኒሳእ 86ኛው አንቀጽ ሰላም ሲቀርብልን ከእሱ በተሻለ፣ ወይም በዚያው ልክ እንድንመልስ አዞናል። ኢማም ነወዊ «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው ሰላምታ በደብዳቤ የደረሰው ሰውም ወዲያው መመለስ ግዴታው እንደሆነ ከቀደምት ዑለማዎች ጠቅሰው ጽፈዋል። ስለዚህ የወንድማችሁ ድምፅ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል በሰማችሁበት ቅጽበት በአፋችሁ «ወዐለይኩሙ ሰላም» በሉ። ይህ የሰላምታው ሐቅ ነው፤ ወር አይጠብቅም። የቀረው፣ የጠየቃችሁ ጉዳይ፣ ሌላ ሐቅ ነው። በአፌ መልሻለሁ ብሎ ጉዳዩን መተው ግን በዲን ማምለጥ ነው።

መልስ እንዴት እንደሚዘገይ ለማየት የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ታሪክ የሚያህል አላውቅም። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በተቡክ ዘመቻ ጊዜ፣ ፍሬው የበሰለበትና ጥላው የሚጣፍጥበት ወቅት ነበር። ከዕብ ጠዋት ጠዋት ለመዘጋጀት ይወጣል፣ ምንም ሳያዘጋጅ ይመለሳል፤ በልቡ ግን በፈለግሁት ሰዓት እችላለሁ ይላል። ጦሩ ወጣ። ነገ እደርስባቸዋለሁ አለ። አልደረሰም። ልብ በሉ፣ ለዘመቻው ጥላቻ አልነበረውም፤ ያስቀረው «እችላለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። ያልተመለሰ መልእክትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ጥላቻም ንቀትም የለበትም፣ ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ የሚል ሰው እጅ ላይ ያረጀ ነው።

ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሲመለሱ ሰማንያ የሚያህሉ ሰዎች እየቀረቡ ምክንያት አቀረቡ፣ ማሉም። እሳቸውም የላዩን ተቀብለው የውስጡን ለአላህ ተዉት። ከዕብ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ሌላ ሰው ፊት ቢሆን ኖሮ በንግግር ማምለጥ እንደሚችል ራሱ ተናግሯል። ያቀረበው ግን አጭር ነገር ነው፦ ምንም ምክንያት አልነበረኝም፣ እንደዚያን ጊዜ ጉልበትም ገንዘብም ኖሮኝ አያውቅም። ከወጣ በኋላ የጎሳው ሰዎች ተከትለው ወቀሱት፤ እንደ ሌሎቹ ምክንያት ብታቀርብ ምን ነበረበት አሉት። ተመልሶ ራሱን ሊያስተባብል ምንም አልቀረውም ነበር። እንዲህ ያሉ መካሪዎች ዛሬም አሉ። «ኔትወርክ የለም በለው፣ ማን ያጣራል?» የሚሉት።

ስለ ኔትወርክ አንድ ነገር ልበል፤ እኛ አገር ይህ ቃል የራሱ ታሪክ አለውና። በ2014 ዓ.ም በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ አካባቢያችንን ሲይዘው ስልክ ጠፋ፤ ጂዳና ሪያድ ያለ ዘመድ እናቱ ትኑር ትሙት አያውቅም ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ያን ጊዜ መስመሩ ሲመለስ የተላከው የመጀመሪያ መልእክት «አለን፣ አልሐምዱሊላህ» የሚል ነበር። ስለዘገየ የተሟገተም፣ «ለምን ዘገየህ» ያለም አልገጠመኝም። እውነተኛ ምክንያት ጠበቃ አይፈልግም፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን መስመር አልነበረም» ብለው ያልፉታል። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በደም የታወቀው ምክንያት የሁሉም ስንፍና ጋቢ ሆነ። ወንድምህ ደግሞ ስልኩ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሲሆኑ አይቷል፣ ኢሞ ላይ አረንጓዴውን ነጥብ አይቷል፣ ጁሙዓ ጁሙዓ የምትለጥፈውን «ጁሙዓ ሙባረክ» አይቷል።

አሁን አንድ ጉዳይ በዝርዝር እንይ። የሐይቅ ልጅ የሆነ ወንድም ጂዳ ካለው አብሮ አደጉ የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደረሰው። በውጫሌ በኩል ያሉት እናቱ ዐይናቸው እየጠፋ እንደሆነ ሰምቷል፤ በስልክ «ደህና ነኝ» ይሉታል፣ አያምናቸውም። «ሄደህ በዐይንህ አይተህ ንገረኝ» ነው የሚለው። ልጁ ሄጄ አይቼ እመልሳለሁ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን በዚህ ጁሙዓ ሥራ፣ በሚቀጥለው ለቅሶ፣ ከዚያ ሌላ። በሦስተኛው ሳምንት «ደህና ነህ?» የሚል ብቻ መጣ። ያም አልተመለሰም። በአርባኛው ቀን ግድም መልስ ጽፎ መስጊድ መጥቶ አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦

«አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ፣ ወላሂ ኔትወርክ አልነበረም፣ ስልኬም ተበላሽቶ ነበር፣ ልጅም ታሞብኝ፣ ሥራም በዝቶብኝ ነው። እንደማልረሳህ አንተም ታውቃለህ። አንተም ብትሆን ባለፈው ረመዳን ደውዬ አላነሳህም። እንዳትቀየመኝ፣ አፉ በለኝ።»

«እናቱ የታሉ?» አልኩት። ዝም አለ። ዋናው በሽታ ይህ ነው፦ መልእክቱ ስለ እናት ተጠይቆ ስለ ራሱ መለሰ። ሌላውም ከዚያ የመጣ ነው። አራት ምክንያት ሲደረደር አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል፤ ስልኩ ተበላሽቶ ከነበረ ኔትወርኩ ምን አገባው? «ወላሂ» የገባው እውነቱ ስለሳሳ ነው፣ በአላህ ስም ለኔትወርክ መማል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። «አንተም ታውቃለህ» የሚለው ወንድሙን የእሱ ምስክር እንዲሆን ያስገድደዋል። የረመዳኑ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ቁስል ላይ ጨው ነው፣ ሌላ ቀን ይነሳ። «እንዳትቀየመኝ» ደግሞ ይቅርታ አይመስለኝም፣ ትእዛዝ ነው። ሰውዬው ተቀይሞ ሊሆን ይችላል፤ መብቱ ነው።

በመጀመሪያ «ልሂድና አይቼ ልጻፍ» ብሎ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። አርባ ቀን ያስቆጠረው ያው «ሄጄ ልመልስ» ነውና ዛሬ አጭር ተላከ፣ ነገ ጉዞ ተባለ። የተላከው ይህ ነው፦

«ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ ወንድሜ። ስለ እናታችን ዐይን የላክህልኝን የመጣ ዕለት ሰምቼዋለሁ። ሳልሄድም ሳልመልስልህም አርባ ቀን ሆነ። በሩቅ ሆነህ ብቻህን እንድትጨነቅ አድርጌሃለሁ፣ አፉ በለኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ ኢንሻአላህ፤ ከዙህር በፊት ከቤታቸው እደውልልሃለሁ። አንተስ እንዴት ከረምክ?»

መጀመሪያው ላይ «ወዐለይኩሙ ሰላም» ያለው አውቆ ነው። አዲስ ሰላምታ ከጀመረ አዲስ ወሬ የጀመረ ይመስላል፤ መልስ መሆኑ ይታወቅ። ሁለተኛው፣ ሰምቼዋለሁ ማለቱ ነው። ይህ ቃል ከብዶት ነበር፤ «አላየሁትም ልበል?» አለኝ። ሰማያዊው ምልክት ያጋልጠዋል፤ ባያጋልጠውም ውሸት ነው። ሦስተኛው፣ ጥፋቱ በወንድሙ በኩል ሆኖ ተነገረ፦ «ሥራ በዝቶብኝ» ሳይሆን «ብቻህን ተጨነቅህ»። ምክንያት የሚባል ነገር አንድም አልገባም። ወንድሙ ለምን ብሎ ከጠየቀ ያኔ እውነቱን ይነግረዋል፤ ለተጠየቀ መልስ መስጠት መከላከል አይባልም። አራተኛው፣ «ኢንሻአላህ» ከሰዓት ጋር መጣ። እኛ ዘንድ ይህ የተከበረ ቃል የማምለጫ በር እየሆነ ነው፤ ቀንና ሰዓት ሲጨመርበት ወደ ቦታው ይመለሳል።

በድምፅ ይላክ ወይስ በጽሑፍ? እሱ በድምፅ ስለላከ በድምፅ መመለስ ደስ ይላል። ግን ድምፅ ላይ የፈራ ሰው ይንዛዛል፤ ምክንያቱ ሁሉ በዚያ ይሾልካል። ደግሞም ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ሥራ ላይ ድምፅ ከፍተው መስማት አይችሉም፣ እስከ ሌሊት ይጠብቃሉ። አጭር ጽሑፍ ግን ገና ስልኩ ሲበራ ይነበባል። ጽሑፉን አስቀድሞ ድምፁን ማታ ማስከተል የተሻለ ይመስለኛል።

ለሁሉም ዝምታ ግን ይህ አይበቃም። ዝም ያላችሁት ብድር ስላለባችሁ ከሆነ ከይቅርታው በፊት ገንዘቡና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። ታማችሁ ወይም ሊነገር የማይችል ነገር ደርሶባችሁ ከሆነ «ከብዶኝ ነበር፣ ስንገናኝ አጫውትሃለሁ» ማለት ይበቃል፤ ምስጢራችሁን ለይቅርታ ብላችሁ አትሽጡ።

የሚቀረው ከላኩ በኋላ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ወንድምየው ወዲያው አልመለሰም። ልጁ በማግስቱ ውጫሌ ሄደ፤ በአንደኛው ዐይናቸው ላይ ነጭ ነገር አይቶ፣ ደሴ ሐኪም ቤት እንዲታዩ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ፣ እንዳለው ከዙህር በፊት ደወለ። አልተነሳም። ያየውን በሦስት መስመር ጻፈለት። ማታ ወደ እኔ ደውሎ «አየህ፣ እሱም ኮራ» አለ። ከዕብ ሃምሳ ቀን ማንም ሳያናግረው ቆየ። ነቢዩን ሰላም ይልና ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ይሆን እያለ ይመለከት ነበር፤ የአጎቱ ልጅ አቡ ቀታዳ እንኳ ሰላምታውን አልመለሰለትም። ያም ሆኖ «እውነቱን ተናግሬ ይህ ይገባኛል?» አላለም። ይህ የእነሱ ነገር የአላህ ትእዛዝ ነበር፣ የእኛ ኩርፊያ ከሦስት ቀን ማለፍ እንደሌለበት ሐዲሡ ግልጽ ነው። ግን ዘጊው ራሱ ይህን ሐዲሥ ለወንድሙ መላክ የለበትም። አርባ ቀን ያስጠበቀ ሰው በአንድ ቀን ዝምታ መቆጣት ምን ይሉታል? «መልእክቴ አልደረሰህም እንዴ?» የሚልም አይላክ።

ልጁ ያንን ትቶ ስለ እናትየው ብቻ መጻፍ ቀጠለ፦ ደሴ የሚሄዱበትን ቀን፣ ማን አብሯቸው እንደሚሄድ። በስድስተኛው ቀን ከጂዳ መልስ መጣ። ስለ አርባው ቀን አንድም ቃል የለበትም። «የመኪናውን ስንት ከፈልክ?» ይላል።

ወሏሁ አዕለም።