ዝናቡን ለማን ነው የምትነግሪው?

«መጣ» እና «መጡ» በሚሉት ቃላት መሀል ያለውን ልዩነት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። አክብሮትን በግሥ መግለጽ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ኮሪያኛ የሚጀምሩ ወጣቶች «ይህማ የእኛው አንቱታ ነው» ብለው ያልፉታል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ።

እኛ የምናከብረው የሚወራለትን ሰው ነው። «ዝናብ እየጣለ ነው» ስንል ለሕፃንም ለሽማግሌም ግሡ ያው ነው፤ ቢበዛ «አባባ» ብለን እንጨምርበታለን። ኮሪያኛ ግን የሚሰማውንም ሰው በግሡ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ለጓደኛ «ቢጋ ዋ» ይባላል። ለታላቅ ወይም ለማያውቁት ሰው «ቢጋ ዋዮ»፣ በዜናና በስብሰባ ላይ ደግሞ «ቢጋ ኦምኒዳ» ይሆናል። ዝናቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። የሰዋስው መጻሕፍት ስድስት ደረጃ ይቆጥራሉ፤ ለጀማሪ ግን እነዚህ ሦስቱ ይበቁታል።

ለሚወራለት ሰው ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፤ በግሡ መሀል የምትገባ «ሺ» ናት። ሁለቱ በየራሳቸው ይሄዳሉ። ልጅ ለታናሽ ወንድሟ «አያታችን መጡ» ስትል አያትየውን በ«ሺ» ታከብራለች፤ ወንድሟን ግን ያለ «ዮ» ትናገረዋለች። ያንኑ ለእናቷ ስትነግር መጨረሻው ላይ «ዮ» ትጨምራለች።

ሰሞኑን እዚሁ ዘነበወርቅ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ኮሪያውያን ፊት ለምትቀርብበት የሥራ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ቋንቋውን የለመደችው ከድራማ ነው፤ ድራማ ውስጥ ደግሞ ጓደኛሞች የሚያወሩት «ባንማል» በሚባለው፣ «ዮ» በሌለው ንግግር ነው። ቀጣሪን በዚያ መመለስ «አንተ» እንደ ማለት ነው። ይህን ካረምን በኋላ «ኦዲ ሳሴዮ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «የት ይኖራሉ?» ማለት ነው። ፈጥና «ዘነበወርቅኤ ሳሴዮ» አለች። «ዮ» አለች፤ ግን «ሴ» ውስጥ «ሺ» ተደብቃለች፤ ልጅቷ ራሷን አንቱ አለች! ትክክሉ «ሳራዮ» ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ደግሞ «ሳምኒዳ» ይሻላል። የጠያቂውን ግሥ እንዳለ መልሶ መናገር የጀማሪ ሁሉ ወጥመድ ነው። በእኛም «የት ይኖራሉ?» ለተባለ ሰው መልሱ «እኖራለሁ» እንጂ «ይኖራሉ» አይደለም።

ይህች «ሺ» ኮሪያውያንንም ታስታለች። ካፌ ውስጥ አንዳንድ አስተናጋጆች ደንበኛውን ላለማስቀየም ሲሉ ቡናውን አንቱ ይሉታል፤ «ቡናዎ ወጥተዋል» እንደ ማለት። የቋንቋ ተቋማቸው ስህተት ነው ቢልም ልማዱ አልጠፋም።

በቤታችሁ ኮሪያኛ የሚማር ልጅ ካለ ሁለት ጥያቄ አስለምዱት። የማወራው ለማን ነው? የማወራውስ ስለ ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ የግሡን መጨረሻ፣ ሁለተኛው «ሺ»ን ይወስናል። ስለ ራሱ ሲናገር ግን «ሺ» ፈጽሞ አትግባ።