ለቤተ ሰብ ጕዞ፤ የመኪና ቤንዚንና የኦቶቡስ ትኬት

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ለእኅታችን ልጅ ሠርግ ተጠርተን ሳለን፥ በገዛ መኪናችን እንሂድ ወይስ በኦቶቡስ እንሳፈር የሚል ክርክር ከቤታችን ተነሥቶ ሁለት ሌሊት አነጋገረን። ክርክሩም ስለ ምቾት ብቻ አልነበረም። ከመንገዱ ወጪ የምናተርፈውን ገንዘብ በሙሽራው ስጦታ ላይ እንጨምርበታለን ብለን ለእኅታችን አስቀድመን ቃል ሰጥተን ነበርና፥ ሒሳቡ ቢሳሳት የምናፍረው እኛው ነበርን። ዕድሜያችንን የሌላውን ሰው መዝገብ ስንመረምር የኖርን ጸሓፊ ስንሆን በገዛ መዝገባችን እንዴት እንደ ተሳሳትን ብንገልጽ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ ለመንገድ ለሚነሣ አንባቢ ይጠቅመዋል ብለን አሰብን።

መንገደኞቹ አምስት ነበርን፤ እኛና ባለቤታችን፥ አማታችንና ሁለት ልጆች። ልጆቹ ከእናታቸው ጕልበት ላይ የሚቀመጡበት ዕድሜ አልፏልና ኦቶቡስ ላይ ወንበር ይይዛሉ፤ ወንበር የያዘም ይከፍላል። ስለዚህ ትኬት የሚቈጥር ሰው ቤተ ሰቡን በአፍ ብዛት ሳይሆን በወንበር ብዛት ይቍጠር። መኪናችንም ለአምስት ሰው የተሠራ ነውና ከዚህ በላይ አንድ ሰው ቢጨመር ኖሮ፥ ያ ሰው በግድ ትኬት ይገዛ ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ዋጋው ከወር ወር አለመጽናቱ ነው። በሰኔ ወር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበረ፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። የትኬቱም ዋጋ ይከተለዋል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። እንግዲህ በብር የጻፍነው ሒሳብ ለሚመጣው ዓመት አይረባም። ስለዚህ ሁሉንም በሊትር መቍጠር ይሻላል። ይኸውም የትኬቱን ዋጋ በዚያ ቀን ባለው በአንድ ሊትር ዋጋ ማካፈል ነው። በዚያ ሳምንት እኛ የጠየቅነው ትኬት ለአንድ ሰው መሄጃው 12 ሊትር ቤንዚን የሚገዛ ሆኖ ተገኘ። ደርሶ መልስ 24 ሊትር፥ ለአምስት ሰው 120 ሊትር መሆኑ ነው። መኪናችን ደርሶ መልስ ከ120 ሊትር ያነሰ ቢጠጣ መኪናው ይረክሳል፤ ቢበልጥ ኦቶቡሱ ይረክሳል።

ምናልባት ኦቶቡስ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አገር አቋራጭ ኦቶቡስ በአንድ ሊትር ናፍጣ የሚሄደው ወደ 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለውን ወደ 520 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ሲጨርስ 150 ሊትር ያህል ይጠጣል። ነገር ግን 45 ሰው ሲካፈለው ለአንዱ ከ3 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ከትኬቱ የቀረው ለሾፌሩና ለረዳቱ፥ ለጎማውና ለባለ ንብረቱ ትርፍ ነው። የግል መኪና ሒሳብ ግን በሰው ሳይሆን በመንገድ ነው፤ አንድ ሰው ቢቀመጥበትም አምስት ቢቀመጡበትም የሚጠጣው ቤንዚን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ባዶ ወንበር ይዞ የሚሄድ መኪና ለባዶው ወንበር ጭምር ቤንዚን ይከፍላል።

እንግዲህ የሚቀረው መኪናችን በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ማወቅ ነበረ፤ የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ለጕዳያችን ወደ ድሬ ዳዋ ስንወርድ ሐረር ላይ ጋኑን ሞልተን፥ የኪሎ ሜትሩን ቍጥር በደብተር ጽፈን ሄድን። ድሬ ዳዋ ደርሰን እንደ ገና ብናስሞላ 3 ሊትር ያህል ብቻ ገባ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ነውና በአንድ ሊትር ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው። በዚህ ደስ ብሎን፥ ደርሶ መልሱን 1040 ኪሎ ሜትር ለ16 አካፍለን 65 ሊትር አገኘን። ከ120 ሊትር 65 ቢቀነስ 55 ሊትር ይተርፋል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ከአምስት ሺህ ብር በላይ ነው። ለእኅታችን ቃል የገባነው ይህንን ነበረ።

ባለቤታችን ይህን ስትሰማ «እርስዎ የለኩት ቍልቍለቱን ነው፤ ዳገቱንስ ማን ይውጣልዎት?» አለችን። እኛም በመልሱ ሐረር ላይ ልናስሞላ አስበን ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከማደያው ቤንዚን አልቆ ስለ ቈየን ልኬቱ በግማሽ ቀረ። ድሬ ዳዋ ከሐረር ወደ ሰባት መቶ ሜትር ዝቅ ብላ ያለች ናትና፥ ስንወርድ ግማሹን መንገድ የሄደው መኪናው ራሱ በክብደቱ ነው። ደግሞም 3 ሊትር በጣም ትንሽ ልኬት ነው። የማደያው ቀጂ ጋኑ ሞላ ብሎ ግማሽ ሊትር ቀድሞ ቢያቆም፥ ስሕተቱ ከስድስት አንድ እጅ ይሆናል። ልኬት የሚታመነው ቢያንስ 20 ሊትር ያህል ሲነዳ፥ ደርሶ መልስ ሲሆን፥ ከዚያው ማደያ ከዚያው ቦታ ላይ ሲሞላ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ባለቤታችንን አልሰማናትም።

ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት ተነሣን። አማታችን የሚኖሩት በጀጎል ውስጥ መኪና ከማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ነውና፥ ልጆቹ ክንዳቸውን ይዘው እስከ ፈረስ መጋላ አመጧቸው፤ ከዚያ ከመኪናው ገቡ። ጋኑ 45 ሊትር ሞልቶ ነበር። በእኛ ሒሳብ አዲስ አበባ ደርሶ ገና ሩብ ያህል ሊተርፈው ይገባ ነበር። ከሐረር በሐረማያ ወደ ቍልቢ የሚወጣው፥ ከዚያም በሒርናና በጭሮ ተራራ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚሄደው መንገድ ግን ሒሳባችንን አላከበረም። ከዚያ ወደ አዋሽ ወረድን። አዋሽ ከባሕር ወለል ከፍታዋ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በሙቀቱ ምክንያት ማቀዝቀዣውን ከፈትን፤ ከጣራው ላይ ደግሞ የሠርግ ዕቃ ተጭኖ ነፋሱን ይቃወም ነበር። እነዚህ ሁሉ ቤንዚን ይጠጣሉ። ቍልቍለት ዳገትን ይክሳል ማለትም ሙሉ እውነት አይደለም፤ በዳገት የከፈልነውን ኃይል በቍልቍለት ፍሬን እየያዝን ወደ ትኵሳት ለውጠን እንጥለዋለንና።

አዳማ ስንደርስ የቤንዚኑ መርፌ ከቀዩ መስመር ላይ ወደቀ። የማደያው ሰልፍ ረዥም ነበረ፤ አማታችንም ደክሟቸው ነበር። ስለዚህ ከመንገድ ዳር በጄሪካን ከሚሸጥ ሰው 10 ሊትር በአንድ ተኩል ዋጋ ገዛን። ይህ መልካም ሥራ አይደለም፤ በጄሪካን ያለው ምን እንደ ተቀላቀለበት አይታወቅምና ሞተርንም ይጎዳል። በሊትር ሒሳብ ግን እንዲህ ይጻፋል፦ የተገዛው 10፥ የተከፈለው 15። ከአዳማ ወዲያ ባለው ፈጣን መንገድ ደግሞ ለመንገዱ ከፈልን፤ ይህ ቤንዚን ስላልሆነ ለብቻው መዘገብነው።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ያልጠበቅነው ወጪ መጣ። መኪና ያለው እንግዳ ለዘመድ ሁሉ ሾፌር ነው። አጎት ከሠርጉ አዳራሽ ይመለሱ፥ አክስት ገበያ ይድረሱ፥ ድንኳኑ ይምጣ ሲባል በአምስት ቀን 14 ሊትር በከተማው ውስጥ አለቀ። በኦቶቡስ ብንመጣ ዘመዶቻችን ከመናኸሪያው ተቀብለው እነርሱ በወሰዱን ነበር።

ሐረር ተመልሰን ጋኑን ሞልተን የከፈልንበትን ደረሰኝ ሁሉ ደመርነው። ለመንገዱ 104 ሊትር ሄዷል፤ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው እንጂ 16 አይደለም። የጄሪካኑ ብልጫ 5 ሊትር፥ የከተማው 14 ሊትር፤ በጠቅላላው 123 ሊትር። የኦቶቡሱ 120 ነበረ። ተረፈ ያልነው 55 ሊትር ቀርቶ 3 ሊትር ጎደለ፤ የመንገዱ ክፍያም ከዚህ ውጭ ነው። ኋላ ጊዜ አግኝተን የድሬ ዳዋውን መንገድ ደርሶ መልስ ብንለካው መውረጃው 3፥ መውጫው 6 ሊትር ሆነ። በ9 ሊትር 100 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሊትር 11 ብቻ ነው። ይህን አስቀድመን ብናውቅና ለጭነቱ አንድ ብንቀንስለት 104 ሊትሩን ከቤታችን ሳንወጣ እናገኘው ነበር።

ባለቤታችን ሒሳቡን አይታ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከነገሩ ይልቅ ከበደን። አማታችን ግን «ልጄ፥ ጕልበቴ ሲታሰር አራት ጊዜ አቁመህልኛል፤ ኦቶቡስ ለእኔ ብሎ አንድ ጊዜስ ይቆማል?» ብለው አጽናኑን። እውነታቸውን ነው፤ ኦቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል፥ የሚያርፈውም ሾፌሩ በወሰነው ቦታ ነው። የሳቸው አራት ማረፊያ በሦስት ሊትር ተገዛ ብንል ውድ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሒሳብ አምስቱም ወንበር ሲሞላ ነው። አራት ብቻ ብንሆን የኦቶቡሱ ወጪ 96 ሊትር ሆኖ፥ የመኪናው መንገድ ግን ያው ወደ 104 ይቀራል፤ የከተማውን ዙረት ሳንጨምር ኦቶቡሱ ይረክሳል።

በመጪው ወር ለሙሽሮቹ መልስ እኛና ባለቤታችን ታናሹን ልጅ ይዘን እንሄዳለን። ሦስት ወንበር፥ 72 ሊትር። የዚያን ቀን ዋጋ ጠይቀን ካካፈልን በኋላ ትኬቱን ገዝተናል፤ መኪናው ከቅጥሩ ውጭ ከጎረቤት ግቢ ይጠብቃል። የስጦታውን ጕድለት ከደመወዛችን ሞልተን ለእኅታችን ልከንላታል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አልነገርናትም።