«እባክዎ ይተባበሩኝ» የሚለው ደብዳቤ

ኦቶና አካባቢ የምትኖር እናት ዳውን ሲንድረም ያለባትን ልጇን ለማስመዝገብ ለርዕሰ መምህሩ ስትጽፍ ምን ብላ ትጀምራለች? «እባክዎ ይተባበሩኝ»። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ትብብር የሚጠየቀው በሰው መልካም ፈቃድ ለሚገኝ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

የርዕሰ መምህሩ መልስ ይታወቃል፤ «የልዩ ፍላጎት መምህር የለንም»። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እጥረቱን ግን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይጻፍበት እንጂ ልጅ ከበር አይመልስበት።

እናትየዋም ልመናውን ትታ ልጇን ታስተዋውቅ። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ከሚናገሩት በላይ ይረዳሉ፤ ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ቶሎ ይይዛሉ። የመስማት ችግርም በብዛት ያጋጥማቸዋል። መምህሩ «አይገባትም» የሚላት ልጅ ጭራሽ ያልሰማች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የጆሮ ምርመራ ውጤት ይያያዝ፤ የፊት ወንበርና በሥዕል የታገዘ ትምህርት ይጠየቅ።

ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ገቢ መሆኑ ተመዝግቦ፣ ማህተም አርፎበት እጇ ላይ ይቅር። መልሱም በጽሑፍ ይጠየቅ። በቃል «ቦታ የለም» ተብላ የተመለሰች ልጅ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም፤ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት ሲባልም የሚታይ ወረቀት አይኖርም። አልቀበልም ያለ ርዕሰ መምህር ይፈርምበት።