የሰረዝኩት ረድፍ ማስረጃ ነበር፦ ባለብዙ ሉህ የኤክሴል ፋይልን ወደ ዳታቤዝ ስለማዛወር

የእህል ዋጋ ምርት በተሰበሰበ ማግስት እንደሚረክስ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንደሚወደድ ገበሬውም ሸማቹም ያውቁታል። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ የጤፍ አማካይ ዋጋ ከወር ወር የሚጠቀስ ልዩነት አልነበረውም። አማካሪዬ ሠንጠረዡን ተመልክተው «ይህ የገበያው ጠባይ ነው ወይስ የመዝገብህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የመዝገቡ ነበር፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ መዝገቡን «ያጸዳሁበት» መንገድ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ የምከራከረው ስለ አንድ ነጥብ ነው፦ የተዝረከረከ የኤክሴል ፋይል በራሱ በፋይሉ ላይ ሊጸዳ አይገባም።

ፋይሉ 14 ሉሆች ነበሩት። እያንዳንዱ ሉህ የአንድ የቅዳሜ ገበያ መዝገብ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓምድ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በተከታዮቹ ዓምዶች የነጭ ጤፍ፣ የሰርገኛ ጤፍ፣ የቀይ ጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ ሰፍሯል። የገበያው ስም የተጻፈው በሉሁ ስያሜ ላይ ብቻ ነው፤ የእህሉ ዓይነት በዓምዱ ራስጌ፣ «በኩንታል» የሚለው መለኪያም ከላይ በተዋሐደ ሕዋስ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አንድን ዋጋ ብቻውን ቢያነሡት የየት ገበያ፣ የየትኛው እህል፣ በምን መለኪያ እንደሆነ አይናገርም። ወደ ተስተካከለ ሠንጠረዥ ማዛወር ማለት እነዚህ በየቦታው የተበተኑ መረጃዎች ከእያንዳንዱ ዋጋ ጋር በአንድ ረድፍ እንዲቆሙ ማድረግ ነው።

የቀኑን ዓምድ ስመለከት አንዳንዶቹ ቀኖች በሕዋሱ ቀኝ ጠርዝ፣ ሌሎቹ በግራ ጠርዝ ተሰልፈው አገኘሁ። ኤክሴል በልማዱ ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ እንደ ተራ ጽሑፍ የያዘውን ወደ ግራ ያሰልፋል። እኔም የግራዎቹን «የተበላሹ» ብዬ ሰረዝኩና በቀሩት የየወሩን አማካይ አሰላሁ።

እውነታው የተገላቢጦሽ ነበር። መዝጋቢው ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካው ልማድ ተስተካክሎ ነበር። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. «12/5/2010» ተብሎ ሲጻፍ ኤክሴል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2010 አድርጎ ተቀበለው። የሚቀጥለው ቅዳሜ «19/5/2010» ሲሆን 19ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ተወው። ጳጉሜን 3 ቀን ደግሞ «3/13/2010» በመሆኑ ያለ አንዳች ተቃውሞ ማርች 13 ሆነ። ባጭሩ ከእያንዳንዱ ወር የመጀመሪያዎቹ 12 ቀኖች ተለውጠዋል፤ የተቀሩት 18ቱ ሳይነኩ እንደተጻፉ ቆይተዋል። እኔ የሰረዝኩት ያልተነኩትን ነው። በቀሩትም ላይ ኤክሴል «ወር» የሚለው የኢትዮጵያውን ዕለት ስለነበረ በወር የመደብኩ መስሎኝ ዋጋውን የመደብኩት በዕለት ቁጥር ነው። ከወሩ 3ኛው ቀን ከ9ኛው ቀን የሚወደድበት ምክንያት የለምና ሠንጠረዡ ጠፍጣፋ ቢሆን አይደንቅም። የዳንኩት ዋናው ቅጂ በኢሜይሌ ውስጥ ስለቀረ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ፋይሉን ጨርሶ አልነካሁትም። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሕዋስ ከነአድራሻውና ከነዓይነቱ ወደ አንድ ጥሬ ሠንጠረዥ ገለበጥኩ፦

```sql
CREATE TABLE raw_cell (
  sheet TEXT, row_no INTEGER, col_no INTEGER,
  cell_type TEXT, value TEXT,
  PRIMARY KEY (sheet, row_no, col_no)
);
```

ቁልፉ ነገር `cell_type` ነው፤ ሕዋሱ ቀን ይሁን ጽሑፍ የሚነግረን እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ ደንቡ ቀላል ሆነ። ጽሑፍ ከሆነ እንደተጻፈ ይነበባል፤ ቀን ከሆነ ኤክሴል ወር ያለው ዕለት፣ ዕለት ያለው ወር ተደርጎ ይገለበጣል። ሆኖም ይህ ደንብ የሚሠራው ወርን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ለተጻፈ ሉህ ብቻ ነው። በሁለት ሉሆች ላይ ቀን ተብለው ከተያዙት መካከል ዕለታቸው ከ13 የሚበልጥ አገኘሁ። የኢትዮጵያ ወራት 13 ብቻ ስለሆኑ እነዚህ ሉሆች ዕለትን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር መጻፋቸውን ተረዳሁ፤ ሳይገለበጡም ተነበቡ። ደንቡ ለፋይሉ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሉህ ለብቻው መወሰን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀኖቹ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከተለወጡ በኋላ ማረጋገጫው ገበያው ራሱ ሆነ። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ቀን 2018 ነው፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነው። ከኤክሴል የተገኘው ዲሴምበር 5 ቀን 2010 ግን እሑድ ነበር። ገበያው በዓውደ ዓመት ምክንያት ከተዛወረባቸው ጥቂት ሳምንታት በቀር ሁሉም ረድፎች ቅዳሜ ላይ ሲያርፉ ደንቡ ትክክል መሆኑን ዐወቅሁ።

የእህል ስሞችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ሰርገኛ»፣ «ሠርገኛ» እና «ስርገኛ» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዝ ግን ሦስት እህሎች ናቸው። መፍትሔው በፋይሉ ውስጥ ፈልጎ መተካት ሳይሆን፣ የተጻፈውን ስም ከትክክለኛው እህል ጋር የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። እንዲህ ሲሆን ውሳኔዬ ለማንም ይታያል። በአንድ ሉህ ላይ ራስጌው «ጤፍ» ብቻ ይላል፤ ነጭ ይሁን ቀይ የሚያሳይ ነገር የለም። ይህን በግምት ከመመደብ ውድቅ ከሆኑ ረድፎች ዝርዝር ውስጥ ከነምክንያቱ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

የመጨረሻው ሠንጠረዥ አንድ ገበያ፣ አንድ እህልና አንድ ቀን ከአንድ ዋጋ በላይ እንዳይኖራቸው ይከለክላል፦

```sql
UNIQUE (market_id, crop_id, price_date)
```

ሁለት ጊዜ የተለጠፈ ሳምንት በዚህ ክልከላ ይያዛል፤ በገበያና በእህል ዝርዝር ውስጥ የሌለ ስምም በቁልፉ ትስስር ይመለሳል። ይሁን እንጂ 2350 መባል የነበረበት ዋጋ 2530 ተብሎ ቢጻፍ ዳታቤዙ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ለዚያ የሚረዳው በእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የቀረው የሉህና የረድፍ አድራሻ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ወደ ምንጩ ሕዋስ ተመልሶ ያያል።

«ለ14 ሉህ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? በእጅ ማስተካከል ይፈጥናል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ፍጥነቱን አልክድም፤ እኔም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ነበር። ነገር ግን በእጅ የተስተካከለ ፋይል ምን እንደነበረ፣ ማን ምን እንደለወጠ አይናገርም፤ ስሕተቱም እንደ እውነት ተመስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መረጃ ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ሦስት ነገሮች አብረው እንዲቀርቡ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ያልተነካው ፋይል፣ የማዛወሪያው ፕሮግራም፣ እንዲሁም ውድቅ የተደረጉት ረድፎች ዝርዝር ከነምክንያቱ። ፈታኞች ከሦስቱ አስቀድመው ሊያነቡት የሚገባው የመጨረሻውን ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢኖረው ኖሮ፣ ከ12ኛው ቀን በኋላ ያለው የእያንዳንዱ ወር ክፍል በሙሉ በዚያ ተሰልፎ ይታይ ነበር።